ቀይ ሪባን ያለበት ፎቶ

ሰርኬ ያን ፎቶ ለምን አልለጠፈችውም?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። መጽሐፍ ይዤ ሳመሽ በገጹ መሀል ይመጣብኛል፤ ያነበብኩትን መስመር መልሼ አነበዋለሁ፤ አሁንም ይመጣል። ሰው እውነቱን በኪሱ ይዞ፣ በአንድ ጣት ነክቶ አገሩን ሁሉ ዝም ማሰኘት እየቻለ ለምን ዝም ይላል? ፈርታ ነው እንዳልል፣ በቆጣሪ ሳቢያ ከአከራይዋ ጋር ስትሟገት መንገደኛ እስኪቆም ድረስ ድምፅዋ ተሰምቷል። ደግ ስለሆነች ነው እንዳልል፣ ያ ደግነት ሲያማት አይቻለሁ። መልሱን ስለማላውቅ የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ሰርኬ ከዓለም ባንክ ፌርማታ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ኬክ ትሠራለች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። እኔ ከጀርባዋ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ፣ ምድጃው ሲከፈት ሙቀቱ፣ ሰርኬ ስታወራ ድምፅዋ ወደ እኔ ይመጣል። ወላጆቿ ከቦንጋ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ኮልፌ ተወልዳ ኮልፌ ያደገች፣ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። ጴንጤ ናት። ይህን የምጽፈው ነገሩ ሁሉ የዞረው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

ጴንጤ ስለሆነች እሷ ራሷ አትጾምም። ደንበኞቿ ግን አብዛኞቹ ይጾማሉ። ስለዚህ ሥራ ስትጀምር ዕቃዋን ለሁለት ከፈለችው። የጾም ኬክ የሚጋገርበት ቆርቆሮ፣ የሚቦካበት ሳህን፣ የሚመታበት መምቻ፣ ማንኪያው ሳይቀር ከሥሩ ሰማያዊ ፕላስተር አለው። በላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። ቅቤና ወተት የነካ ነገር ከዚያ መደርደሪያ አጠገብ አይደርስም። የጾሙ ኬክ በዘይት ተጋግሮ፣ ላዩ ማርማላታ ተቀብቶ፣ በሰማያዊ ሪባን ታስሮ ይወጣል። የፍስኩ ደግሞ በቀይ። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከነካርቶኑ ፎቶ ታነሣዋለች። አንድ ጊዜ ባሏ ፈቀደ የፍስክ ቢላ ተሳስቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጥ፣ የመደርደሪያውን ዕቃ በሙሉ አውርዳ በፈላ ውኃ አጠበችው።

«የማትጾሚውን ጾም ነው እንዲህ የምትጠብቂው?» አላት ፈቀደ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ በነገር ማላገጥ ይወዳል።

«የሰው አደራ ነው።»

«እግዜር ሲቆጥር ለነሱ ይጽፈዋል እንጂ ላንቺ አይጽፈውም።»

«ይጻፍላቸው» አለች።

ነገሩ የመጣው በሰኔ መጨረሻ፣ የሐዋርያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ጾም ወጣቶቹ ብዙም አይዙትም፤ ካህናትና ሽማግሌዎች ግን ይጾሙታል። የምርቃት ድግስ ደግሞ የሚበዛው ያኔ ነው። ማርያማዊት የምትባል፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች የሰፈር ልጅ ሁለት ኬክ አዘዘች፤ አንዱ ለጓደኞቿ የፍስክ፣ አንዱ ለትልልቅ ሰዎችና ለንስሐ አባታቸው የጾም። እሑድ ጠዋት ራሷ መጥታ ወሰደቻቸው። ሰርኬ ካርቶኖቹን ስታስረክባት «ሰማያዊው የጾም ነው፤ እንዳትረሺ» ስትል ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ከሰዓት በኋላ ማርያማዊት በመልእክት ፎቶ ላከችላት። «እትዬ ሰርኬ፣ ሁሉም ወደውታል፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ሰርኬ ፎቶውን ሰፋ አድርጋ ሳታይ አመሰገነችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት የማርያማዊት ወንድም ማርቆስ በኬክ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ላይ፣ አይመከርም የሚለውን መርጦ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«የጾም ኬክ ብለን አዘን ቅቤና ክሬም አበሉን። የሰባ አራት ዓመት እናቴ ጾሟን ገደፈች። የንስሐ አባታችን በቤታችን ተዋረዱ። የጾም ነው ያሉት የፍስክ፣ የፍስክ ነው ያሉት የጾም ሆኖ ተገኘ። ጾም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የጾም ኬክ ሲሸጥ ውጤቱ ይሄ ነው። ስሕተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ፣ ፍርዱን ለእናንተ።»

በራሱ ገጽም አጋራው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከሥሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ያለ አለ። «ለነሱ ጨዋታ ነው» ያለም አለ። ከኬክ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው የመጨረሻውን የጻፈው።

ሰርኬ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መጀመሪያ ያደረገችው ራሷን መመርመር ነው። የትእዛዝ ደብተሯን አወጣች። ካርቶኖቹ ከመውጣታቸው በፊት ያነሣችውን ፎቶ አየች፤ ማርማላታው በሰማያዊ፣ ክሬሙ በቀይ ታስሯል። የዘይቱን ጀሪካን፣ የዱቄቱን ቆርቆሮ ሳይቀር ከፍታ አሸተተች። ከዚያ በኋላ ነው ማርያማዊት የላከችውን ፎቶ ከፍታ ያሰፋችው።

ፈቀደም እኔም በትከሻዋ ላይ ሆነን አየን። ትልልቆቹ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ነው። መሀል ላይ ነጭ ክሬምና ቸኮሌት ያለበት፣ የማርያማዊት ስም የተጻፈበት የፍስኩ ኬክ ተቀምጧል። ቀዩ ሪባን አልተጣለም፤ ከኬኩ ሥር ወጥቶ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኬኩ ጀርባ አንድ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ቄስ ሹካ ይዘው ፈገግ ብለዋል። አጠገባቸው ማርያማዊት በጥቁር ጋውን ቆማለች።

«በቃ» አለ ፈቀደ። «ይሄን ለጥፊው። ቃል አያስፈልግም። ፎቶውን ብቻ።»

«መምሬ አሉበት።»

«ይኑሩበት።»

«ልጅቷም አለችበት።»

«እሷ አይደለችም እንዴ ያስቀመጠችው? ሌባ ቦርሳሽን ቢቀማሽ ዚፑ አልጠበቀም ብለሽ ይቅርታ ትይዋለሽ አንቺ። ቢያንስ የጻፈውን አጥፊው።»

«የሱ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ማጥፋት አልችልም። የምችለው የአስተያየት መስጫውን ጠቅላላ መዝጋት ነው። እሱን ብዘጋ ያመሰገኑኝ ስልሳ ሦስት ሰዎችም አብረው ይዘጋሉ። ሸሸች ይባላል።»

ፈቀደ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የገጹ ቁልፍ በእሱም ስልክ ላይ ነበር። ሰርኬ እጇን ዘረጋችለት።

«አምጣው።»

«ምን ላደርግ ነው?»

«የምታደርገውን አውቃለሁ። አንተ ብትጽፈውም የሚወጣው በኬክ ቤቱ ስም ነው። በኋላ ብናጠፋው እንኳ አንዱ ስክሪንሾት አድርጎት ይቆያል።»

ሰጣት። በሱ ስልክ ላይ ከገጹ ወጣችና መለሰችለት። ፈቀደ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

መልሱን በስልክ አልጻፈችም። በትእዛዝ ወረቀት ጀርባ፣ በእስክሪብቶ ነው የጻፈችው። «በስልክ የተጻፈ ነገር ሳታስበው ይሄዳል» አለች። የመጀመሪያው ወረቀት «እኛ አልተሳሳትንም» ብሎ ይጀምር ነበር፤ ሰረዘችው። ሁለተኛው ላይ «በቤታችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ» የሚል ነበረበት፤ ያንንም ሰረዘች። ሦስተኛውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። ቁጣ ይታይበታል?»

አነበብኩት። አይታይበትም አልኳት። እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልን አቶ ማርቆስ። በቤታችሁ የደስታ ቀን እንዲህ ያለ ነገር በመድረሱ ከልቤ አዝናለሁ። ለእናትዎና ለአባታችን ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል። እሑድ ከእኛ የወጡት ሁለት ኬኮች ናቸው፤ በሰማያዊ ሪባን የታሰረው የጾም፣ በቀይ የታሰረው የፍስክ። የጾም ዕቃችን ከፍስኩ ለብቻው የተቀመጠ ነው፤ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ በራችን በማንኛውም ቀን ክፍት ነው። የሆነውን አብረን እንድናጣራ ዛሬ ስልክ እደውልልዎታለሁ፤ እርስዎም በገጹ ላይ ባለው ቁጥር ሊያገኙኝ ይችላሉ። ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ሰርኬ፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት።»

«አመሰግናለሁ?» አለ ፈቀደ። «ለምኑ ነው የምታመሰግኚው?»

«ከጀርባዬ ከሚያወራ ፊት ለፊቴ ቢናገር ይሻላል።»

ለጠፈችው። በዚያ ጽሑፍ ሥር ከዚህ ሌላ አልጻፈችም። የሰደቧትን አንድ በአንድ አልመለሰችም። ማርቆስ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት አላነሣም። ከሦስተኛው በኋላ የሷ ስልክ ጮኸ፤ ደዋይዋ ግን ማርያማዊት ነበረች። የሰርኬ እጅ በሊጥ ስለተያዘ ስልኩን በክርኗ ነክታ ድምፁን ከፈተችው። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«እትዬ ሰርኬ» አለች።

«ማርያማዊት፣ ሰማያዊው የት ነበር?»

«ፍሪጁ ላይ።»

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። እማዬም አታውቅም።» ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረች። «የሚያምረውን ለትልልቆቹ ብዬ ነው። ማርማላታውን ሳየው አነሰብኝ፤ እንዴት ይሄን መምሬ ፊት አስቀምጣለሁ አልኩ። የቱ የቱ እንደሆነ በዚያ ግርግር ከልቤ ወጣ። ‹የጾም ነው ወይ ልጄ› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ማታ ጓደኞቼ ያኛውን ሲቀምሱት ነው የገባኝ። ማርቆስ ደግሞ ያኔውኑ መጮህ ጀመረ።»

ሰርኬ ሊጡን መምታቷን አቆመች። «ለወንድምሽ ንገሪው።»

«እነግረዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ብቻ። ፎቶውን ግን፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ መምሬ አሉበት። ሰው ሁሉ ሲበሉ ያያቸዋል።»

«ፎቶው ያንቺ ነው። ከኔ አይወጣም። እውነቱ ግን ካንቺ መውጣት አለበት። ማንም አይደለም፣ አንቺ ራስሽ ከመልሴ ሥር አንድ መስመር ጻፊ። ‹ስሕተቱ የኛ ነው› በይ፤ ሌላ አያስፈልግም።»

«ነገ» አለች ማርያማዊት።

ሰርኬ አመነቻት። እኔም አመንኳት። ፈቀደ ብቻ «ነገ የሚሉት ቀን ኮልፌ ደርሶ አያውቅም» አለ።

በሳምንቱ የሰርኬን መልስ ብዙ ሰው ወደደላት። «እንዲህ ነው የንግድ ሰው» የሚል ተጻፈ። «ጨዋነት ማለት ይሄ ነው» ያለችም ነበረች፤ መገናኛ አካባቢ የምትኖር የማናውቃት ሴት ናት። አንዱ ደግሞ «ባታጠፋ ኖሮ እንዲህ አትለሰልስም ነበር» አለ። እሱንም ብዙ ሰው ወደደለት። ሰርኬ ሁለቱንም አነበበች። ያመሰገኗት ሰዎች ኬክ አላዘዙም። የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የዞረው የማርቆስ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ መልሱን ያካተተ ስክሪንሾት አላየሁም።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። የጾም ትእዛዝ በየረቡዕና ዓርቡ ቀነሰ፤ ሰርኬ ግን ፍልሰታን ትጠብቅ ነበር። ከዓመቱ ሥራዋ ግማሽ ያህሉ የጾም ነው፤ ከዚያም ዋናው ፍልሰታ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሰይፈሥላሴ በየዓመቱ በጽዋ ማኅበራቸው ስም፣ ከቅዳሴ ለሚወጡ ሕፃናት የሚቀመስ የጾም ዳቦና ኬክ ለዐሥራ አምስቱም ቀን ያዙ ነበር። እሳቸው ካዘዙ ሌላው ሁሉ ይከተላል። እሳቸው ከቀሩም እንዲሁ። ስለዚህ ሰርኬ ስልኳን ሌሊት እንኳ ከትራሷ ሥር አታወጣውም ነበር፤ ማርያማዊት አንዲት መስመር ጽፋ እንደሆነ እየተነሣች ታያለች። ፈቀደ ሲነጫነጭ በቺፑዱ በኩል እሰማለሁ። «ተኚ» ይላታል። «ተኝቻለሁ» ትላለች።

ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ ረቡዕ፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ መጡ። በሯ ክፍት ነው ካለች ወዲህ ዕቃዋን ሊያይ የመጣ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደገፉና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጻፍሽው አይደል፤ ልይ ብዬ ነው።»

«ይግቡ ጋሼ።»

ከላይኛው መደርደሪያ አንድ በአንድ አወረደችላቸው። ቆርቆሮዎቹን ገለበጡ፤ ሰማያዊውን ፕላስተር በጣታቸው ነኩት። መምቻውን አሸተቱ። ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ሁሉ ለኛ ነው?»

«ለእናንተ ነው።»

«አንቺ አትጾሚም አይደል?»

«አልጾምም ጋሼ።»

«ቤቴም እንዲህ አይለይም» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ አምናለሁ ልጄ። ምንም ጥርጥር የለኝም።»

ሰርኬ ደብተሯን ሳበች። «እንግዲያው የዘንድሮውን እንደ አምናው ላድርገው?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከዘራቸውን አነሡ። «እኔ ብቻዬን ብሆን» አሉ። «ማኅበርተኛው ግን ሰው ነው፤ ወሬ ሰምቷል። አንዱ ሕፃን ሆዱን ቢያመው እንኳ ምን ሊባል ነው? ለዘንድሮ ሌላ ቦታ ነግረናል። ነገሩ እስኪጠራ ነው።»

«የማርቆስን ቤተሰብ ጠይቃችኋል?»

«ምኑን ብለን እንጠይቅ? የሰው ቁስል መነካካት ይሆናል።» መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «መልስሽ ግን የጨዋ ነው። ለልጆቼ አነበብኩላቸው። እንዲህ ተማሩ አልኳቸው።»

ፎቶው ያለበት ስልክ በሸሚዟ ኪስ ነበር። ከሳቸው በስንዝር ርቀት። ማሳየት ብቻ ነበር፤ መለጠፍም አያስፈልግም። እጇ ወደ ኪሷ ሲሄድ አይቻለሁ፤ እዚያው ቆየ፤ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ከማርማላታው ኬክ አንድ ቁራጭ ቆርጣ በወረቀት አቀረበችላቸው።

«ይቅመሱ ጋሼ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ።

«የጾም ነው።»

ቁራጩን አዩት። ከዚያ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አዩ፤ አሁን በእጃቸው ነክተው ወዳመኑበት። «ጠግቤያለሁ» አሉና ወጡ።

ሰርኬ ቁራጩን አንሥታ ራሷ በላችው። ቆማ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።

ማታ ፈቀደ ሲሰማ አልጮኸም፤ ያስፈራኝም ያ ነው። «ለነሱ ክብር አለሽ» አላት። «ለመምሬው አለሽ፣ ለልጅቷ አለሽ፣ ለሽማግሌው አለሽ። ለላይኛው መደርደሪያስ?»

የማታውን ዕቃ ማጠብ ጀመረች። በግድግዳው በኩል ለረጅም ጊዜ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ የሰማሁት የውኃውን ድምፅ ብቻ ነው።

ፍልሰታ ገባ። ሰማያዊዎቹ ቆርቆሮዎች ዐሥራ አምስቱን ቀን ከላይኛው መደርደሪያ አልወረዱም፤ ከጥቂት ለቅርብ ጎረቤት ከሠራቻቸው በስተቀር። ማርያማዊት ጦር ኃይሎች አካባቢ ሥራ ጀምራለች ሲባል ሰማን። አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ ለመያዝ በኬክ ቤቱ በኩል መጣችና ሰርኬን በሩ ላይ ስታያት ወደ ማዶ ተሻገረች። ሰርኬ እጇን አንሥታ ሰላም አለቻት። ልጅቷ ያላየች መሰለች።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። ሰው የፍስክ ኬክ ፈልጎ ከጠዋት ጀምሮ ተሰለፈ፤ ለዚያ ማንም አልጠረጠራትም። ቅቤ ለመሸጥ ሃይማኖትሽ ምንድን ነው አይባልም። ሰርኬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቆማ ነበር። ወደ ሰባት ሰዓት ግርግሩ ቀነሰ። ፈቀደ ከሥራ መለስ ብሎ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ቆየና «ሰርኬ» አለ።

«ምን?»

«ማርቆስ አጥፍቶታል።»

እጇን ጠራርጋ መጣች። ገጹን ከፈተች። እውነት ነው፤ የለም። እህቱ ነግራው ይሁን፣ ጾሙ ስለተፈታ ንዴቱም አብሮ ተፈቶ ይሁን፣ አናውቅም። ይቅርታ አልጻፈም። አልደወለም። ልጅቷም አንድ መስመር አልጻፈችም።

«መልሴስ?» አለች ሰርኬ።

ፈቀደ ቀና ብሎ አያት። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። መልሷ የተጻፈው ከማርቆስ ጽሑፍ ሥር ነበር፤ ላዩ ሲጠፋ ሥሩም አብሮ ይጠፋል። ሁለት ወረቀት የሰረዘችበት፣ ሽማግሌ ለልጆቹ ያነበበው፣ የማናውቃት ሴት ያመሰገነችው መልስ የትም የለም። በቴሌግራሙ ግሩፕ ያለው ስክሪንሾት ግን አለ። ክሱ ብቻውን።

«አሁን ለጥፊው» አለ ፈቀደ፤ እንደ ልመና ነበር። «ፎቶውን።»

«ለማን መልስ ብዬ?»

ወረፋ ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሄዳ አስተናገደቻቸው። አንደኛዋ ስትከፍል፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ «እኔ ከዚህ የምወስደው የፍስኩን ብቻ ነው፣ ለጾሙ ሌላ ቦታ አለኝ» አለች። ሰርኬ «እሺ እናቴ፣ ደግሞ ይምጡ» ብላ በቀይ ሪባን አሰረችላት።

ከዚያ ሰማያዊዎቹን ቆርቆሮዎች በሙሉ አወረደች። ንጹሕ ነበሩ፤ አቧራ ብቻ ነው የነበረባቸው። አንድ በአንድ አጠበቻቸው፤ በነጭ ጨርቅ አደረቀቻቸው፤ ፕላስተሩ የላላበትን በአዲስ ቀየረች፤ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ፈቀደ በሩን ገርበብ አደረገው። ስልኳን እንደ ወትሮው ልትከፍት አነሣችውና፣ የምትጠብቀው ነገር እንደሌለ ትዝ ሲላት፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ሽርጧን ሳትፈታ በዱቄት ከረጢቶቹ ላይ ጋደም አለች።

በበሩ በኩል አጮልቄ አየኋት። አፏ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ከሰኔ መጨረሻ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት እንቅልፍ የወሰዳት ያኔ ነው፤ ሰዓቴ ከቀኑ ዘጠኝ ከሃያ ይል ነበር።